«ባልታመምስ?» ለሚሉ አባት የሚሰጥ መልስ

የአዴትና የአካባቢዋ ገበሬ ጤፉን ወቅቶ ገበያ ሲያወጣ እጁ ላይ ብር የሚገባው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ያቺን ብር የሚጠብቃት ብዙ ነው። የማዳበሪያው ሂሳብ አለ፣ የልጆች ደብተርና ልብስ አለ፣ ክርስትናና ተዝካር አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ የሚሰበሰበውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ነው። እኛ መዝጋቢዎች ደብተራችንን ይዘን ከቤት ቤት ስንዞር አባወራው ቡናውን አስቀርቦ፣ በደንብ አዳምጦን ሲያበቃ አንድ ነገር ይጠይቀናል፤ «እሺ ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ ባልታመምስ? ብሬ ይመለሳል?»

ብዙ መዝጋቢ እዚህ ላይ ይንተባተባል። አንዳንዱ «ለከርሞ ይታሰብልዎታል» ብሎ ያልፋል፤ ይህ ውሸት ነው፣ ውሸትነቱም በዓመቱ ይገለጣል። አንዳንዱ «ከበላይ የመጣ ነው፣ መክፈል አለብዎ» ይላል። ገበሬው በዚያ ቀን ይከፍል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን መድኅኑን እንደ ግብር እንጂ እንደ ራሱ ገንዘብ አያየውም፤ ከርሞ ስንመጣ ደግሞ «አባቴ የለም በላት» ብሎ ልጁን በር ላይ ይልካል።

የሚያዋጣው መልስ አጭር ነው። አይመለስም። «አባቴ፣ ካልታመሙ ብርዎ አይመለስም፤ ዘንድሮ ለታመመው ጎረቤትዎ ይውላል።» ይህን ስል ፊታቸው የሚኮሳተር አሉ። ግን የቀረውን ወሬ የሚሰሙኝ ይህን ስላልደበቅኋቸው ነው። ቀጥዬም ስለ እድራቸው እጠይቃለሁ። ለእድር ስንት ዓመት ከፈሉ? ከቤትዎ ሰው ባለመሞቱ ገንዘቤ ባከነ ብለው ያውቃሉ? ዕቁብ ተራው ደርሶ ይወጣል፣ እድር ግን ተራው እንዳይደርስ እየተጸለየ የሚከፈል ነው። የጤና መድኅንም እንደ እድሩ ነው፤ ልዩነቱ ሰው ሳይሞት በፊት መድረሱ ነው።

ሂሳቡን ደግሞ ቁጭ ብሎ አብሮ መሥራት ያስፈልጋል። መዋጮው በየወረዳውና በቤተሰቡ ብዛት ስለሚለያይ ለስሌት እንዲቀል አንድ ቤተሰብ በዓመት 1,000 ብር ያዋጣል እንበል። 100 አባወራ ቢገባ 100,000 ብር ይሆናል። ከእነሱ 60ው ቤተሰብ በዓመት ውስጥ ጤና ጣቢያ ተመላልሶ እያንዳንዱ የ600 ብር ሕክምና ቢያገኝ 36,000 ብር ይወጣል። አምስት ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ለእያንዳንዱ 8,000 ብር ቢከፈል 40,000 ነው። ቋቱ ውስጥ 24,000 ብር ይተርፋል። አሁን ደግሞ ጤነኛው ሁሉ ቀርቶ የገቡት ሕመምተኛ ያለባቸው 20 ቤቶች ብቻ ናቸው እንበል። የተዋጣው 20,000 ብር ነው፤ የአምስቱ አልጋ የያዙ ሰዎች ወጪ ግን ያው 40,000 ነው። ቋቱ ዓመቱ ሳይጋመስ ደረቀ ማለት ነው። ገበሬ ይህን ስሌት ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያሻውም፤ ቁጥሩን እየጠራችሁ በጤፍ ፍሬም ሆነ በጠጠር ቆጥራችሁ አሳዩት።

ምዝገባው በሰው ሳይሆን በቤተሰብ የሆነውም ለዚሁ ነው። «እኔና ልጆቹ ደህና ነን፣ ባለቤቴን ብቻ መዝግቢልኝ» የሚል አባወራ አለ። አይቻልም። አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አንድ ላይ ይገባሉ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ወይም አብሮ የሚኖር ዘመድ ካለ ተጨማሪ ይከፈልበታል። በቀበሌው ሕዝብ ፊት ተለይተው መክፈል አይችሉም የተባሉ ቤተሰቦችን መዋጮ ደግሞ መንግሥት ይሸፍናል። ይህንን ለምስኪኑ ጎረቤት መንገር ራሱ እምነት ይገነባል።

ከመክፈላቸው በፊት የማይሸፈነውንም መናገር አለብን። መነጽር አይሸፈንም። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም። ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይሸፈንም። መንገዱም ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይዞ አዴት ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ባሕር ዳር። በድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ሪፈር ሳይይዝ ባሕር ዳር የወረደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ነው። አንድ እናት ልጇን አዝላ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዛ፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ደርሳ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ብትሰማ የተታለለች ይመስላታል፣ ብትፈርድብንም አይገርመኝም። መዝጋቢው ይህን በምዝገባ ቀን ያልነገራት የሚከፍሉትን ሰዎች ቁጥር ላለመቀነስ ብሎ ነው። ያተረፈው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው። እሷ በከርሞው ትወጣለች፣ ከእሷ ጋር ደግሞ በምንጩ መንገድ ወሬዋን የሰሙት ሴቶች ይወጣሉ።

እኔ እንደማየው ሰዎችን ከመድኅኑ የሚያስወጣቸው ሳይታመሙ ያለፈው ዓመት አይደለም። ሳይታመሙ የከረሙት ሰዎች «ተመስገን» ብለው ሲያሳድሱ አይቻለሁ። የሚወጡት የታመሙት ናቸው። ካርዱን ይዘው ሄደው፣ ተመርምረው፣ ማዘዣ ተጽፎላቸው መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የተባሉት። እነሱ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል፤ አንዴ ለቋቱ፣ አንዴ ለግል መድኃኒት ቤት። በጸጥታ ችግር መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ይህ በጣም ይብሳል። እዚህ ላይ የቱንም ያህል አንደበት ያለው መዝጋቢ ቢላክ አይረዳም። የመድኅኑ ብር ለጤና ጣቢያው በወቅቱ ካልተከፈለ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት የለውም፣ መድኃኒት ከሌለ አባል ይወጣል፣ አባል ሲወጣ ብሩ ይቀንሳል። ገመዱ የሚበጠሰው ማደያው መስኮት ላይ ስለሆነ መጠገንም ያለበት እዚያው ነው።

ይህ መድኅን በአገራችን የተሞከረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ደቡብ አቸፈር ነው። በሙከራ ወረዳዎቹ ላይ የተደረገ ጥናት በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ቤተሰብ 41 ያህሉ መግባታቸውን፣ ከገቡት ውስጥ ደግሞ ከ100 ወደ 18ቱ ሳያሳድሱ መቅረታቸውን መዝግቧል። እነዚያን 18 ቤቶች ሄዶ «ለምን ቀራችሁ?» ብሎ መጠየቅ አዲስ ሰው ከመመዝገብ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ለምዝገባ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ በር ከማንኳኳታችሁ በፊት ጤና ጣቢያው ሂዱና የትኛው መድኃኒት እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ለሰው ንገሩ። እናንተ አባላት ደግሞ መታወቂያችሁን ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ። መድኃኒት የለም ከተባላችሁ ማዘዣውንም የገዛችሁበትን ደረሰኝም አትጣሉ። ሁለቱን ይዛችሁ ወደ ወረዳው የጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ሂዱና ብሩ ይመለስላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ባይመለስ እንኳ ቅሬታችሁ በጽሑፍ ይመዝገብ።