በስልክ ጽሑፍ ስለሚነሣ ጠብና ስለ ቀጠሮ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ባለቤታችን የታመሙ እናትዋን ለማስታመም ወደ ደሴ ሄዳ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ነበር። በዚያው ሰሞን ወንድማችን ልጁን ሲድር፥ ለቤታችን ጣራ ማደሻ ካስቀመጥነው ገንዘብ 8000 ብር አንሥተን ሰጠነው። ለባለቤታችን አስቀድመን አለመንገራችን ጥፋታችን ነበረ፤ እርስዋም ነገሩን የሰማችው ከእኛ ሳይሆን ከወንድማችን ሚስት ነው።

በማግስቱ በትምህርት ቤት የዕረፍት ሰዓት «የጣራውን ብር ሰጠኸው?» የሚል ጽሑፍ በስልካችን ደረሰን። «ወንድሜ ነው» ብለን መለስን። ከዚህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከሠላሳ የሚበልጥ መልእክት ከወዲያና ከወዲህ ተላለፈ። የእርስዋን ጽሑፍ አንብበን ሳንጨርስ የእኛን መጻፍ ጀመርን፤ «ሁልጊዜ» እና «መቼም» የሚሉት ቃላት በዙ፤ ጣራው ተረስቶ የዛሬ 9 ዓመት ስለ ተደረገ የክርስትና ድግስ መካሰስ ሆነ። በመጨረሻም «ተወው» ብላ ጻፈች።

ይህ ቃል በአፍ ቢነገር ኖሮ ሐዘን ይሁን ንቀት ከድምፅዋ እንለየው ነበር። በጽሑፍ ግን ድምፅ የለም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን እንኳ ለይቶ አያሳይም፤ «ይሰማል» ተብሎ ቢጻፍ ሰውየው ያደምጣል ማለት ይሁን ነገሩ ይደመጣል ማለት ይሁን አንባቢው ከአገባቡ ፈልጎ ማግኘት አለበት። የተቆጣ አንባቢ ደግሞ ከሁለት ትርጉም የከፋውን ይመርጣል። እኛም «ተወው» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ በየጊዜው እየከፋ ሄደ።

ስለዚህ ስልኩን ኪሳችን ከተን እስከ ማግስቱ ዝም አልን፤ ይህንንም ትዕግሥት ነው ብለን ነበር። ባለቤታችን ግን መልእክትዋ መነበቡን የሚያሳየውን ምልክት እያየች ሌሊቱን ስትጠብቅ አድራለች። ኋላ እንደ ነገረችን፥ ከዝምታው ይልቅ ስድብ ይሻላት ነበር።

የባልና ሚስትን ክርክር ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆን ጎትማን እንደሚያስረዱት፥ በጠብ ጊዜ የልብ ምት በደቂቃ ከ 100 ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በቅጡ መስማት ይሳነዋል፤ ሰውነቱም እንዲረጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ይህ ዕረፍት የሚጠቅመው ግን ልብ ከነገሩ ሲርቅ ነው። የምንመልሰውን ቃል ስንስል ከቈየን ደማችን እንደ ፈላ ይቈያል።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ እንደ ገና ሲነሣ የጻፍነው እንዲህ የሚል ነበር፦ «አሁን ተቆጥቻለሁ፤ አንቺም ተቆጥተሻል መሰለኝ። ስለ ብሩ መጠየቅሽ ተገቢ ነው፤ አልሸሽም። ዛሬ ከምሽቱ በ 3 ሰዓት እኔ እደውልልሻለሁ። እስከዚያ ስለዚህ ነገር አልጽፍም።»

ከራሳችን ቁጣ የጀመርነው በምክንያት ነው፤ «ተረጋጊ» ብለን ብንጀምር ኖሮ ሌላ ጠብ ይወጣው ነበር። በመጀመሪያ «ማታ እንነጋገር» ብለን ጽፈን ነበር፤ ነገር ግን ማታ ለአንዱ 1 ሰዓት፥ ለሌላው 4 ሰዓት ነውና ሰርዘን ሰዓቱን ለይተን ጻፍነው። ከሁለቱ አንዱ በባሕር ማዶ የሚኖር እንደ ሆነ የማን አገር ሰዓት እንደ ሆነ ጭምር መግለጽ ያስፈልጋል፤ የእኛ 3 ሰዓት በፈረንጅ አቈጣጠር 9 ነውና። የሚደውለውም ቀጠሮውን ያመጣው ሰው ይሁን። ቀኑን ያላሳለፍነው ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ስለ ቁጣና ስለ ፀሐይ መግባት የጻፈውን በማሰብ ነው፤ በእርግጥ ፀሐይዋ ቀድማን ገብታለች።

ባለቤታችን «በ 3 ሰዓት እናቴ መድኃኒት ትወስዳለች፤ 3 ተኩል ይሁን» ብላ መለሰች። ሰዓቱን እርስዋም ስለ ወሰነችው ቀጠሮው የሁለታችን ሆነ።

በመካከሉ የነበረውን ጊዜ የፈተና ወረቀት በማረም ልናሳልፍ ሞከርን፤ ይህ ግን ቁጣችንን ወደ ተማሪዎቹ ከማዞር በቀር አልረዳንም። ወረቀቱን ትተን ጓሮውን ቈፈርን። ወንድማችን ሲደውልም ስለ ገንዘቡ አላነሣንበትም፤ አንሥተን ቢሆን ኖሮ ቀጠሮው ሳይደርስ ሦስተኛ ተከራካሪ ይጨመር ነበር።

በ 3 ተኩል ደወልን። መጀመሪያ ያልነው «ሳልነግርሽ መስጠቴ ጥፋት ነው» የሚል ነበር። ጥቂት ዝም ብላ «ብትጠይቀኝ 5000 እሰጠው ነበር» አለች። ወንድማችን 3000 ብሩን እንዲመልስ፥ ጣራውም ከክረምት በፊት እንዲታደስ ተስማማን። የክርስትናው ድግስ አልተነሣም።

ልጅ ታሞ ወይም ሌላ አስቸኳይ ነገር ደርሶ እንደ ሆነ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ወዲያው ይደወላል። እጅ በሚነሣበት ቤትም ይህ መድኃኒት አይደለም፤ እዚያ የሚያስፈልገው መጠጊያና የሚያስጥል ሰው ነው። ደግሞም ቀጥሮ የማይደውል ሰው ከሁለት ጊዜ በኋላ ቀጠሮው እንደ ሽሽት ይቈጠርበታል፤ እኛም አንድ ጊዜ በእንቅልፍ ምክንያት አሳልፈን ይቅርታ ለማግኘት ብዙ ደክመናል።

ጣራው በግንቦት ታደሰ። ዛሬ ባለቤታችን በስልክ ጽሑፍ ክርክር ሲጀመር ረጅሙን ቃል አትጽፍም፤ «3 ተኩል» ብቻ ብላ ትልካለች።