ከሽቱትጋርት፦ ተመልሶ ስለሄደው ክፍያ

ለውድ ወንድሜ፣ ለእማዬም ጭምር፤

ስለ ብርዱ አታስቡ፣ በ20 ዩሮ ያገለገለ ጃኬት ገዝቻለሁ፤ እማዬ ብታዪኝ ትስቂብኛለሽ። የግፊት መድኃኒትሽስ ይገኛል ወይስ አሁንም «አልቋል» ነው የሚሉሽ?

የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ክፍል ሄጄ የላክህልኝን ስዊፍት ኮፒ ሳሳይ ሴትዮዋ በቅጡ እንኳ ሳታነበው «ይህ መላኩን እንጂ መድረሱን አይናገርም» ብላ በጣቷ በሩን አሳየችኝ። እንባዬ ቢተናነቀኝም እሷ ፊት አላለቀስኩም። ክፉ ናት፣ ያለችው ግን እውነት ነው።

በማግሥቱ አንድ ደግ ሰውዬ ክፍያውን ፈልጎ አገኘው። 1500 ዩሮው ደርሶ ነበር፤ የማን እንደሆነ ስላላወቁ መለሱት። ክፍያውን ከተማሪው ጋር የሚያገናኘው ኮምፒውተር ነው፣ የሚፈልገውም የተማሪ ቁጥሬን ብቻ ነው። የክፍያ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ የሚይዘው አራት መስመር ነው፣ በየመስመሩ 35 ፊደል። የባንኩ ልጅ ስሜን፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የትምህርት ክፍሉን፣ ሴሚስተሩን ሁሉ ደርድሮ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ አደረገው። ከሰባቱ አኃዝ የደረሳቸው ሦስቱ ናቸው፤ የቀረው ተቆርጧል። በስም እንዳይፈልጉኝ እነሱ ዘንድ የቤተሰብ ስሜ የአያቴ ነው፣ ክፍያው ላይ የተጻፈው ግን የእኔና የአባዬ ብቻ።

ሲመለስም ሙሉውን አይመለስም፤ መሐል ያሉት ባንኮች ሲሄድም ሲመጣም ይቆርጣሉ። ሂሳብህ ላይ ስንት ገባ? የቤቱን ኪራይ ነክተህ እንዳይሆን ብቻ!

እሑድ እሑድ እዚህ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ የሰው ድምፅ የሚባል አይሰማም። ባለፈው ሽሮ ሠርቼ ብቻዬን በላሁ። ደግሞ ጣፍጦኛል፣ እንዳትስቁ። ትንሹ ፈተናው እንዴት ሆነለት? ለምን አይደውልልኝም?

አሁን ወንድሜ፣ እንደገና ስትልክ የተቀባዩን ስም ከዩኒቨርሲቲው የክፍያ ደብዳቤ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጥ፣ አታሳጥረው። ምክንያቱ ላይ የተማሪ ቁጥሬ ብቻ ይጻፍ፤ ዜሮውን «ኦ» እንዳያደርጉት እይ። የባንክ ወጪው ላይ OUR የሚለውን ምረጥ፣ ካልሆነ 1480 ይደርስና 20 ዩሮ ጎደለ ብለው ምዝገባዬን ይይዙታል። የመኖሪያ ፈቃዴ በምዝገባው ነው የሚታደሰው።

የባንኩ ልጅ «ግድ የለም፣ እኛ እናውቃለን» ቢልህ እሺ አትበለው። ፎርሙን ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ እኔ አይቼ «እሺ» ሳልልህ እንዳትፈርም።