«ይጎትታል» የሚለው አስተያየት

ዘጋቢ ፊልሙ የአብደራፊን ሰሊጥ አጫጆች ይከተላል። ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን ቅንብር፣ በሙያው ቋንቋ ራፍ ከቱን፣ አይቶ ለኤዲተሯ በቴሌግራም የጻፈላት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «መሃሉ ይጎትታል፣ ትንሽ አፍጥኝው።»

ኤዲተሯ የተባለችውን አደረገች። ከየሾቱ ጫፍ ሁለትም ሦስትም ሰከንድ እየቀነሰች 58 ደቂቃ የነበረውን ፊልም 47 አደረሰችው። ዳይሬክተሩ እንደገና ሲያየው ግን ፊልሙ ከበፊቱ የባሰ ረዘመበት። ሰዓቱ አጥሯል፣ መሰልቸቱ ግን አልቀነሰም።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። «ይጎትታል» ማለት «አመመኝ» እንደማለት ነው። የት ነው? መቼ ጀመረ? ይህን ያልነገሩት ሐኪም በግምት መድኃኒት ያዛል።

በሦስተኛው ቀን ፊልሙን ያለምንም ማቆም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው። የሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ሐሳቡ ከስክሪኑ በሸሸ ቁጥር ደቂቃውን ወረቀት ላይ ማስፈር። ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ምክንያቱን ፈለገ። ከዚያ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦

«ከ12፡10 እስከ 19፡40 እዚህ ነው የጠፋሁት። ደላላው፣ ሹፌሩና አጫጁ ተራ በተራ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከደጋ ለገንዘብ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ገብቶኛል። አጫጁን ብቻ አስቀሪልኝ፣ እሱንም አታሳጥሪው።

የታመመው ልጅ የሚመጣው 31ኛው ደቂቃ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አጨዳውን ለምን እንደማይ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጦ ልየው። ማን እንደሆነ አትንገሪኝ፣ ጥያቄው ይዞኝ ይሂድ።

38፡05 ላይ የሰሊጡ መራገፍ በ40 ሰከንድ 11 ሾት ሆኗል፤ ሙዚቃም አለበት። ይሄ ደግሞ በጣም ፈጥኗል።»

የመጨረሻው ነጥብ ኤዲተሯን አስደነገጣት። አፍጥኝ ያለ ሰው አሁን አዝግሚ ይላል። ምክንያቱ ያለው ግን ሰሊጡ ላይ ነው። የታጨደ ሰሊጥ ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው ክምር ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል። ሲደርቅ ፍሬ የያዘው ቆብ ከአናቱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ነዶውን ያዘነበለ ሰው የወራት ድካሙን መሬት ላይ ያፈስሳል። ስለዚህ ሳሉጉ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ነዶውን እንደ ሙሉ ብርጭቆ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ ሸራው ጋ ይደርሳል፤ እዚያ ገልብጦ ያራግፋል። ይህ ጉዞ በ11 ሾት ሲቆራረጥ ተመልካቹ ስለ ፍሬው አይሰጋም። ሳይቆረጥ ሲሄድ ግን ትንፋሹን ይይዛል።

የሌሊቱም ትዕይንት እንደዚሁ ነበር። አጫጆቹ ሜዳ ላይ፣ በግራር ሥር ይተኛሉ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከዋልካው መሬት ስንጥቅና ከግራሩ አካባቢ በጨለማ ትወጣለች። አትጮኽም። በሽታው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ ነው። ኤዲተሯ «ምንም አይታይም» ብላ ጨለማውን ወደ 4 ሰከንድ አውርዳዋለች። የዳይሬክተሩ ማስታወሻ «25 ሰከንድ ይሁን። ምንም አለመታየቱ ነው ነገሩ» ይላል።

ታዋቂው አሜሪካዊ ኤዲተር ዋልተር መርች አንድ ቁርጥ የሚመዘንባቸውን ስድስት ነገሮች ሲዘረዝር ለስሜት 51 ከመቶ፣ ለታሪክ 23፣ ለምት ደግሞ 10 ብቻ ሰጥቷል። «ይጎትታል» የሚባለው ቅሬታ የምት ጉዳይ ይመስላል። ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ተመልካቹ የሚያውቀውን ደግሞ መስማቱ፣ ወይም የሚጠብቀው ነገር ማጣቱ ነው። ለሁለቱም መቀስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ኤዲተሯ መልስ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ ሁሉም ገብቶኛል። ነዶው ግን ሳይቆረጥ የተቀረጸው 50 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው ዞሯል። ሸራው ላይ ሲደርስ የለንም።» አስተያየት የቱንም ያህል ቢብራራ ያልተቀረጸ ምስል አይወልድም። የተስማሙት 50ውን ሰከንድ እንዳለ ትተው፣ የፍሬውን መፍሰስ ድምፅ በሚቀጥለው ሾት ላይ እንዲያሰሙ ነው።

ሦስተኛው ቅንብር 52 ደቂቃ ሆነ። ከሁለተኛው በ5 ደቂቃ ይረዝማል። ዳይሬክተሩ አይቶ ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ደቂቃ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ላከላት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከነምክንያቱ።