የፎቁ ሻወርና የሮቶው ቁመት

«ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይጠፋል፤ ጋኔን ያለበት ነው የሚመስለው» አሉኝ እትዬ። ወቅቱ የ2016 ዓ.ም. ክረምት ነበር። እትዬ በቡና ንግድ ያጠራቀሙትን ዲላ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርተውበት ላይኛውን ፎቅ ሊያከራዩ ተዘጋጅተዋል። ቀለሙ አልቋል፣ ሴራሚኩ ተነጥፏል፤ የፎቁ ሻወር ግን ሮቶው ሲሞላ በደህና ወርዶ ውሃው ሲጎድል ያንጠባጥባል። ታች ማድቤት ውስጥ ቧንቧ ከተከፈተ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል።

የቤቱን ቧንቧ የዘረጉት በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ፣ በሙያቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። እኔ ስደርስ መፍትሔውን ለእትዬ ነግረዋቸው ነበር፦ ባለ 2,000 ሊትሩ ሮቶ ወርዶ ባለ 5,000 ይሰቀል።

«ጋሼ፣ ትልቁ ሮቶ ውሃ ያቆያል እንጂ እንዴት ይገፋል?» አልኳቸው።

«ክብደት አለው፤ ክብደት አይገፋም እንዴ አንተ ልጅ?»

ይህን እምነት ከብዙ ባለሙያ ሰምቼዋለሁ። ክብደቱ የሚያርፈው ግን ሶሌታው ላይ ነው። ቧንቧው አፍ ላይ የሚደርሰውን ግፊት የሚወስነው የውሃው ገጽ ከቧንቧው በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ብቻ ነው። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ይሰጣል፣ አንድ ሜትር ደግሞ የዚያን አንድ አሥረኛ፤ ሮቶው ቀጭን ሆነ ወፍራም ለውጥ የለውም። ጋሼ «ዲላ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቱ ይቀንሳል» የሚል ሌላ ነገርም ጨመሩ። አየሩ መሳሳቱ ከጉድጓድ ስቦ የሚያወጣ ፓምፕን ያስቸግራል፤ ከሮቶ ወደ ታች ለሚወርድ ውሃ ግን አየሩ የሮቶውን ገጽም የቧንቧውንም አፍ እኩል ስለሚጫን ዲላም አዋሽም አንድ ነው።

ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ሮቶው የተቀመጠው በቀጥታ ሶሌታው ላይ ነው። ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከፎቁ ወለል 3.20 ሜትር፣ የሻወሩ አፍ 2.10 ሜትር ከፍ ይላል። ሮቶው ሊያልቅ ሲል ለሻወሩ የሚቀረው 1.10 ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ሲሞላ ከአንድ ሜትር በላይ ይጨመርለታል። የእትዬ ጋኔን ይኸው ነው። የማድቤቱ ቧንቧ በአንጻሩ ከሮቶው ቀዳዳ 5.40 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ቱቦ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ያለው ሁልጊዜ ይቀድማል።

ነገሩን በዓይን ማሳየት ስለፈለግሁ የሻወሩን ራስ ፈትቼ ግልጽ ጎማ ሰካሁበትና አፉን ወደ ላይ ይዤ ቆምኩ። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ጎማውን እስከ ጣሪያው ብወስደውም ውሃው ከአፉ ይፈስ ነበር፤ ምክንያቱም ዝም ብሎ የቆመ ውሃ የሮቶውን ያህል ከፍታ ይፈልጋል። ከዚያ እትዬ ታች ወርደው ማድቤቱን እንዲከፍቱ ጠየቅኋቸው። ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ እየወረደ ሄዶ ግድግዳው ውስጥ ገባ። አውራ ጣቴን ጎማው አፍ ላይ ሳደርግ ሳበኝ። የጋሼንም ጣት አስደረግሁ፤ ሰውየው ዝም ብለው ጣታቸውን አዩ።

የጠፋው ከፍታ የት ሄደ? ቱቦው በላው። የተዘረጋው ፒፒአር «ሃያ» የሚባለው ነው። ይህ ቁጥር የውጭ ስፋቱ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በዚህኛው ዓይነት ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ደህና ሻወር በሰከንድ 0.15 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 10 ሊትር ባልዲ በደቂቃ ከሰባት ሰከንድ ይሞላል ማለት ነው። ይህ መጠን በሃያው ቱቦ ሲያልፍ በየሜትሩ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይበላበታል። ከሮቶው እስከ ሻወሩ ያለው መንገድ ጎሚቶዎቹ ተቆጥረው 15 ሜትር ይሆናል፤ 1.80 ሜትር ያህል ይበላል፣ ያለን ግን 1.10 ነው። ማድቤቱ 0.25 ሊትር ሲስብ ደግሞ ሁለቱ በጋራ በሚጠቀሙበት አምስት ሜትር ላይ ብቻ 1.50 ሜትር ይጠፋል። ሻወሩ ውሃ መስጠት ትቶ አየር የሚስበው ለዚህ ነው።

«ሃያ አምስት» ቢሆን ለዚያው ሻወር የሚበላው በሜትር 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ «ሠላሳ ሁለት» ቢሆን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። የቀዳዳው ትንሽ መስፋት ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ጋሼን አላሳመናቸውም ነበር። አንዱን ጎሚቶ ቆርጠን ስናየው ግን ሲበየድ ከልክ በላይ ሞቆ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ቀዳዳው እርሳስ እንኳ በግድ የሚያሳልፍ ነበር። ይህን ካዩ በኋላ ስለ ቱቦው አልተከራከሩም።

ሥራው እንዲህ ሆነ። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው የብረት ማቆሚያ አሠራን። 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ስለሆነ በየእግሩ ከ500 ኪሎ በላይ ያርፋል፤ ስለዚህ እግሮቹን የሶሌታው መሐል ላይ ሳይሆን ቢሞቹ ላይ፣ ከሥራቸው ሰፊ ላሜራ አድርገን አቆምናቸው። ከሮቶው አፍ ላይ በ40 ቱቦ ወጥተን ወዲያው በቲ ከፈልነው፦ አንዱ በ32 ወደ ፎቁ፣ ሌላው በ25 ለብቻው ወደ ምድር ቤት። ፎቁ ውስጥ ከ32ቱ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በ25 ገባን፤ ሃያው የቀረው ሻወሩ ጋ ባለው የመጨረሻ አንድ ሜትር ላይ ብቻ ነው። ቱቦው ከወረደ በኋላ ተመልሶ እንዳይወጣ ተጠነቀቅን፤ ጉብታ ካለው አየር እዚያ ይታሰራል፣ በዚህ ዝቅተኛ ግፊት ደግሞ ውሃው ገፍቶ አያስወጣውም።

አሁን ሮቶው ሊያልቅ ሲል እንኳ ከሻወሩ በላይ 3.10 ሜትር አለ። ሻወሩና ላቫንዲኖው አንድ ላይ ተከፍተው ቱቦዎቹ የሚበሉት ከአንድ ሜትር በታች ስለሆነ ከሁለት ሜትር በላይ ይተርፋል። ማድቤቱ የሚጋራው የሮቶውን አፍ ብቻ ስለሆነ ሲከፈት ፎቁ ላይ አይታወቅም።

ማቆሚያው የራሱ ዋጋ አለው። ሮቶ በሁለት ሜትር ከፍ ሲል የመንገዱ ውሃ በራሱ ግፊት ላይደርስበት ይችላል። እትዬ ምድር ላይ ማጠራቀሚያና ፓምፕ ስለነበራቸው አልተቸገሩም፤ ፓምፕ የሌለው ግን መጀመሪያ ውሃው እዚያ ድረስ መውጣቱን ይፈትን። የሚተርፈው ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን እንኳ ደግሞ ሩብ ባር ብቻ ነው። እትዬ ለተከራይ የገዙት የኤሌክትሪክ ሻወር ማሞቂያ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሆነና ለእርሱ ብቻ ትንሽ ቡስተር ፓምፕ አስገባን። ያለ ፓምፕ አንድ ባር ለማግኘት ሮቶው ከሻወሩ 10 ሜትር ከፍ ማለት ነበረበት፤ ይህን በመኖሪያ ቤት ላይ ማንም አይሠራም።

የእትዬን ግድግዳ እንደገና ለመቅደድና ሴራሚኩን ለመመለስ የወጣው ገንዘብ ከአዲሶቹ ቱቦዎች ዋጋ በለጠ። ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ልስን ከመመታቱ በፊት ሮቶውን ሩብ ያህል ብቻ ሙሉና በፎቁ ሻወር ባልዲ ቅዱ። መጀመሪያ ሌላው ሁሉ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ ማድቤቱ ተከፍቶ ሰዓት ያዙ። ብቻውንም ከደከመ ሮቶው ዝቅ ብሏል፣ ቱቦው ጠቧል ወይም የሆነ ቦታ ተዘግቷል፤ ብቻውን ደህና ሆኖ ማድቤቱ ሲከፈት የሚደክም ከሆነ የጋራው ቱቦ ጠቧል።