በአንድ ውድድር 100 ነጥብ

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለና «ጋሼ፣ ቼዝ ላቆም ነው» አለኝ። ሬቲንጉ 1600 ነበር። እንደሱው 1600 በሆኑ አምስት ሰዎች ተሸንፎ 100 ነጥብ ወረደበት።

ስሌቱን በስልክ አብረን ሠራነው። ኢሎ ከጨዋታው በፊት ውጤቱን ይገምታል። ተጋጣሚዎቹ እኩል ከሆኑ ግምቱ ለእያንዳንዳቸው 0.5 ነው። የተሸነፈ ያገኘው 0 ስለሆነ ከግምቱ በ0.5 አነሰ ማለት ነው። ይሄ ልዩነት K በሚባል ቁጥር ይባዛል። ፊዴ ለአዲስ ተጫዋች 30 ጨዋታ እስኪሞላ K 40 ያደርገዋል፤ ስለዚህ በየሽንፈቱ 20 ነጥብ ሄደበት። 30ውን ለጨረሰና 2400 ላልደረሰ አዋቂ ግን K 20 ነው፤ እሱ ቢሆን የሚወርድበት 50 ብቻ ነበር።

ለምን ይለያያል? ስለ አዲስ ሰው የሚታወቀው ትንሽ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ቶሎ ትክክለኛ ቦታውን እንዲያገኝ ነው። ጉዳቱ፣ አንድ ክፉ ሳምንትም ቁጥሩን ያንኑ ያህል ይጎትተዋል። ግን መውጫውም ያው ነው፤ አሁን 1500 ሆኖ 1600 የሆነውን ቢያሸንፍ ወደ 26 ነጥብ ያገኛል።

«እስካሁን ስንት ተጫወትክ?» አልኩት።

«14።»

«እንግዲያው 16 ይቀርሃል። እሱን ጨርስና ያኔ ስለ ማቆም እናወራለን።»

ሳቀ። ቅዳሜ ይጫወታል።