ቁልፉን ይዤ የወጣሁት እኔ ነበርኩ

ማስታወቂያው የተለጠፈው ባለፈው ኅዳር 4 ቀን ነው፤ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ የውሃና የመብራት ሒሳብ በሚለጠፍበት ቦታ። ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስገባ ዘበኛችን «እትዬ፣ ይቺን አንብበው ይለፉ» ብሎ አስቆመኝ። አከራያችን በእጃቸው የጻፉት ነበር።

«ለተከራዮች በሙሉ። ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሕንፃው ባሉት 16 ቤቶች ሁሉ የበረሮ ማጥፊያ መድኃኒት ይደረጋል። 1ኛ/ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ቁምሳጥኖች ባዶ ይሁኑ። 2ኛ/ ምድጃና ፍሪጅ ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ይራቁ። 3ኛ/ ምግብና የምግብ ዕቃ ተሸፍኖ ወደ መኝታ ክፍል ይግባ። 4ኛ/ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ፍሊት እንዳይነፋ። 5ኛ/ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለው ለዘበኛው ያስታውቅ። 6ኛ/ ሁሉም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከቤት ይውጣ፤ ቁልፍ ለዘበኛው ይሰጥ። እንደ አምናው አንድም ቤት ተዘግቶ እንዳይገኝ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ፊቴ ጋለ። አምና ተዘግቶ የተገኘው ቤት የእኔ ነበር።

ልጄ አስም አለበት። አምና ተመሳሳይ ማስታወቂያ ሲወጣ «መድኃኒት ይረጫል» የሚለውን ብቻ አነበብኩና በቀኑ በሬን ቆልፌ፣ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እናቴ ቤት ዋልኩ። ለአከራያችን «ድንገተኛ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በረሮ ባየሁ ቁጥር ልጄ ከተኛ በኋላ ሲንኩ ሥር ፍሊት እነፋ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ በረሮው በሁሉም ቤት ተመለሰ። ጎረቤቶቼ አንዴ ባለሙያውን፣ አንዴ ምድር ቤት ያለውን ዳቦ ቤት ሲያሙ እኔም አብሬ አማሁ።

ዘንድሮ ግን ባለሙያው ከርጭቱ አስቀድሞ መጣ። በየቤቱ ሁለት ሁለት የሙጫ ወጥመድ፣ አንዱን ሲንክ ሥር፣ አንዱን ፍሪጅ ጀርባ አስቀመጠ። ከአራት ሌሊት በኋላ ተመልሶ ቆጠረ። በእኔ ቤት 23፣ ከላዬ ባለው ቤት 9፣ ከጎኔ 7፤ በሌሎቹ ከሦስት አይበልጥም። የዳቦ ቤቱ ወጥመድ ላይ ሁለት ብቻ ነበር።

ወጣቱ ባለሙያ ሲንኩ ሥር ተንበርክኮ ቧንቧው ግድግዳውን በስቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በባትሪ አሳየኝ። ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ነው። «እትዬ፣ ይሄ መንገዳቸው ነው» አለኝ። «ከላይ እስከ ታች ያሉት ወጥ ቤቶች በዚህ ይገናኛሉ። አንዱ ቤት ከቀረ፣ የቀሩት 15 ቤቶች ቢታከሙም መልሶ ይሞላል።»

ከዚያ ወጥመዱ ላይ የተጣበቀችውን አንዲት ሴት በረሮ አሳየኝ። ቀለሟ ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ ከራሷ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሏት። የጀርመን በረሮ የሚባለው ይሄ ዝርያ ነው፤ ከቤት ውጭ ሳይሆን እኛው ወጥ ቤት ውስጥ የሚኖር። ከጅራቷ ላይ ትንሽ ቦርሳ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ውስጡ ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይይዛል፤ እስኪፈለፈል ድረስም ይዛው ትዞራለች። የቦርሳው ልባስ ጠንካራ ስለሆነ መድኃኒቱ በቀላሉ አያልፈውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ትልልቆቹ ቢሞቱም ከቀናት በኋላ ጫጩቶች ይወጣሉ። ሁለተኛ ዙር ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«ፍሊት ለምን ተከለከለ?» አልኩት፣ እንደማያውቅ ሰው።

«የነካቸውን ይገድላል፤ ያልነካቸው ግን ይሸሻሉ፣ በዚችው ቀዳዳ። ደግሞ እኔ የማደርገው በአብዛኛው ጄል ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ በማጠፊያና በስንጥቅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እንደ ምግብ በልተውት ይሄዱና ጉድጓዳቸው ውስጥ ይሞታሉ፤ ኩሳቸውንና ሬሳቸውን የበሉትም ይሞታሉ። ፍሊት የተነፋበት ቦታ ላይ ያለ ጄል ግን አይቀመስም።»

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የራሴን በረሮ ወደ ጎረቤት ስነዳ ኖሬያለሁ። ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ባለሙያውም ከዚያ በኋላ የልጄ ሐኪምም እንደነገሩኝ፣ የበረሮ ኩስና የሚጥለው ቆዳ ደቅቆ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል የአስም ሕመምን ይቀሰቅሳል። የሚነፋው ፍሊትም እንዲሁ። ልጄን አድናለሁ ብዬ ሁለቱንም ቤቴ ውስጥ ሰብስቤለት ነበር።

በዚያው ዕለት ማታ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን እንደማትወጣ ተሰማ። አራስ ናት፤ ርጭቱ ቀን ሕፃኑ ገና 12 ቀኑ ነው። እናቷ ለዘበኛው «አራስ ከቤት አትወጣም፤ በራችንን አንከፍትም» ብለዋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «እውነታቸውን ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ያን ቀን ግን አጥሚት ይዤ ወጣሁ። ሕፃኑን አይቼ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ከተቀመጥኩ በኋላ ለእናትየው እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ አምና በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አሁን እርስዎን የሚያስቸግርዎት በረሮ ከእኔ ቤት የወጣ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ለዚህ ሕፃን ምን ይሻላል?» አሉኝ።

ባለሙያውን ደወልንለት። እነሱ ቤት የሚረጭ ነገር እንዳይገባ፣ ጄል ብቻ በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት እንዲደረግ ተስማሙ። ጄል እንደ ርጭት በአየር ላይ አይበተንም፤ ሽታውም እምብዛም ነው። አራሷና ሕፃኑ መኝታ ክፍላቸውን ዘግተው ይቆያሉ። ለእኔ ቤት ደግሞ ጄሉ ተደርጎ፣ ርጭቱ በግድግዳ ስንጥቅና ቧንቧው በሚያልፍበት ቀዳዳ ብቻ እንዲሆን፣ ልጄም ያን ሌሊት አክስቱ ዘንድ እንዲያድር ወሰንን። ማስታወቂያው ላይ ይሄ ሁሉ አልተጻፈም፤ ጠይቀን ያገኘነው ነው። አምና አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ያኔም ይሄንኑ እሰማ ነበር።

ዝግጅቱን የጀመርኩት ሐሙስ ማታ ነው። መጀመሪያ የተሳሳትኩት ዕቃውን በካርቶን ማሸግ ስጀምር ነው። የካርቶን እጥፋት በረሮ የሚወደው መደበቂያ ስለሆነ በረሮውን አብሬ ወደ መኝታ ቤት ላስገባው ነበር። ካርቶኑን አውጥቼ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃና የታሰረ ፌስታል ተጠቀምኩ። በርበሬውንና ሽሮውን በማሰሮ ከድኜ አልጋ ላይ በላስቲክ ሸፈንኩ። መሶቡን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ሳራግፈው ከስፌቱ መሀል ሦስት በረሮ ወደቀ። ከሁሉ የባሰው ግን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነበር። ሽቦውን ነቅዬ ስገለብጠው ከሥሩ፣ ሙቀት ከሚይዝበት ክፍል፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ፈሰሱ። የተደበቁት ሙቀት፣ ውሃና ጨለማ በሚገኝበት ነበር። የሲንኩ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ መሆኑንም ለዘበኛው ነገርኩት፤ በማግሥቱ ጎማው ተቀየረ።

ያ ማግሥት ኅዳር 12፣ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያጨሳል። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ይሄ ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ነው። እናቴ ደውላ «ቤቱን በደንብ አጥኚው፤ በረሮውም ይወጣል» አለችኝ። «ይወጣል እማዬ፤ የሚወጣው ግን ወደ ጎረቤት ነው» አልኳት። ለልጄ ደረትም ጭስ ስለማይሆን መስኮቱን ዘግቼ አመሸሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፌን ለዘበኛው ሰጠሁት። ከዚያም ለአከራያችን አምና ድንገተኛ ጉዳይ እንዳልነበረኝ ነገርኳቸው። «አውቄያለሁ ልጄ» አሉኝ፣ «ለዚህ ነው ስም ሳልጠራ የጻፍኩት።»

ከቀኑ 9 ሰዓት ስመለስ መስኮቶቹን ከፈትኩ፤ ምግብ የሚነካውን ጠረጴዛና መክተፊያ አጠብኩ። የቁምሳጥኑን ማጠፊያዎችና የግድግዳውን ሥር ግን አልነካሁም፤ ከታጠበ መድኃኒቱ አብሮ ይታጠባል። እሑድና ሰኞ በጠራራ ፀሐይ በረሮ ወለሉ መሀል ሲንገዳገድ ታየ። የተከራዮች የቴሌግራም ግሩፕ «ባሰብን!» በሚል ተሞላ። አንዱ ፍሊት ሊገዛ ሲነሣ፣ የበላው ጄል እየሠራበት ስለሆነ ነው የሚንገዳገደው፤ እንዳትነፋ ብዬ ጻፍኩ። የሞቱትን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ እየሰበሰብኩ በፌስታል አስሬ ጣልኩ፤ በደረቁ ከተጠረገ ብናኙ ይነሣል።

ከሁለተኛው ዙር በፊት፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ባለሙያው ወጥመዶቹን መልሶ ዘረጋ። እኔ ቤት ስድስት ተገኘ፤ አምስቱ ጫጩት ናቸው፣ እንዳለውም አዲስ የተፈለፈሉ። ታኅሣሥ 4 ሁለተኛው ዙር ተደረገ፤ የቧንቧው ቀዳዳም በሲሚንቶ ተደፈነ። ከዚያ በኋላ በተቀመጠው ወጥመድ ላይ አንድ ብቻ አገኘሁ። ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ከሱቅ በሚመጣ ካርቶን አንዲት እንቁላል የያዘች ብትገባ እንደገና ይጀምራል። አሁን ካርቶን ከበሩ አያልፍም፤ አንድ ወጥመድም ሲንኩ ሥር ሁልጊዜ አለ።

ታኅሣሥ 11 የሦስተኛ ፎቁ ሕፃን ክርስትና ነበር። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ወጥ ስናወጣ ቁምሳጥኑን እየከፈትን እየዘጋን ዋልን፤ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ከማጠፊያው ሥር ደርቃ አየኋት። አያትየው አዩኝና «እንዳትነኪያት!» አሉኝ።