ፌስቡክን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያስቆመው «ጥገና»

ሴፕቴምበር 23 ቀን 2010 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ፌስቡክ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጠፋ። ሰብሮ የገባ የለም፣ የተቆረጠ ኬብልም አልነበረም። ድርጅቱ በዚያው ዕለት ባወጣው ማብራሪያ እንዳመነው ያጠፋው ስህተትን በራሱ እንዲያርም የተሠራ ፕሮግራም ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከካሽ ነው (ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ድምፁ ይመሳሰላል እንጂ አይገናኙም)። ዳታቤዝ ዋናው መዝገብ ነው፤ ካሽ ደግሞ ተደጋግሞ የሚጠየቀውን መልስ ቅጂ ቀረብ አድርጎ የሚይዝ ፈጣን ማስታወሻ። ያ የፌስቡክ ፕሮግራም በካሹ ውስጥ የተበላሸ ቅንብር ሲያይ ቅጂውን ጥሎ ዋናውን ከዳታቤዝ ያመጣል። የዚያን ቀን ግን የተበላሸው ራሱ ዋናው ነበር። በሁሉም ሰርቨሮች ላይ ያለው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ «ላርም» ብሎ ወደ ዳታቤዙ ሮጠ፤ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ወረደበት። የከፋው ቀጥሎ መጣ። የተጨናነቀው ዳታቤዝ «አልቻልኩም» ብሎ ስህተት ሲመልስ፣ ፕሮግራሙ ያንንም እንደ ብልሹ ዋጋ ቆጥሮ ካሹን ሰረዘ። ካሹ ሲሰረዝ ተጨማሪ ጥያቄ፣ ተጨማሪ ጥያቄ ሲመጣ ተጨማሪ ስህተት። ዋናው መዝገብ ከታረመ በኋላ እንኳ ጎርፉ አልቆመም። በመጨረሻ ዳታቤዙ እንዲተነፍስ ገጹን ራሱን ማጥፋት ግድ ሆነ።

ካሽ የሚነድፉ ብዙ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚከራከሩት «ስንት ሰከንድ እናቆየው?» በሚለው ላይ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ጊዜው ባለቀባት ቅጽበት ምን ይሆናል የሚለው ነው።

የባንኮችን የዕለት ምንዛሪ የሚያሳይ መተግበሪያ እንውሰድ። የዶላሩን ተመን በሰከንድ 1,000 ሰው ይጠይቃል፤ ካሹ ለ60 ሰከንድ ይቆያል። በደቂቃ 60,000 የነበረው የዳታቤዙ ሥራ ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ ማለት ነው፣ በወረቀት ላይ። ዳታቤዙ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅበትስ? ቅጂው ካለቀበት አንስቶ አዲሱ እስኪመጣ 500 ሰው ካሹን ባዶ ያገኘዋል፤ አምስት መቶውም ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። እሱ በዚህ ሲዘገይ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ተሰላፊውም ይበዛል። ይህ በሽታ በግራፍ ላይ ይታያል፦ የዳታቤዙ ጫና በየ60 ሰከንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ሽቅብ ይወጣል።

መድኃኒቱ አንድ ሰው ብቻ መላክ ነው። በሬዲስ ይህ አንድ መስመር ይፈጃል፦

```
SET lock:rate:usd 1 NX EX 10
```

ትእዛዙ የተሳካለት አንዱ ጠያቂ ብቻ ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ ቢወድቅ ቁልፉ ከ10 ሰከንድ በኋላ በራሱ ይለቀቃል። ሌሎቹ አሮጌው ተመን ካለ እሱን ይወስዳሉ፤ ከሌለ ጥቂት ሚሊሰከንድ ጠብቀው ካሹን ደግመው ያያሉ። ስለዚህ ቅጂው በ60 ሰከንድ «አርጅቷል» ቢባልም ከካሹ ሳይጠፋ ትንሽ እንዲቆይ ያስፈልጋል። የፌስቡክ መሐንዲሶች በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ «ሊዝ» ያሉት ተመሳሳይ የፈቃድ ዘዴ ለዚህ ችግር በተጋለጡ ቁልፎች ላይ ከፍተኛውን የዳታቤዝ ጥያቄ በሰከንድ ከ17,000 ወደ 1,300 አውርዶታል።

ባንኩ ጠዋት ተመኑን ሲቀይርስ? 60 ሰከንድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ዳታቤዙ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ የካሹ ቅጂ ይሰረዛል። አዲሱን ዋጋ ካሹ ላይ በቀጥታ መጻፍ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ጸሐፊዎች ቅደም ተከተላቸው ቢዛባ አሮጌው ከላይ ይቀራል። ሁለት ጊዜ መሰረዝ ግን ማንንም አይጎዳም።

እዚህም ቀዳዳ አለ። አንዱ አንባቢ ለውጡ ከመግባቱ በፊት አሮጌውን ተመን ከዳታቤዝ አንብቦ፣ ካሹ ከተሰረዘ በኋላ ሊያስቀምጠው ይችላል። የፌስቡኩ ሊዝ ስረዛ ሲመጣ የተሰጠውን ፈቃድ ስለሚያከስም ይህን ይከላከላል፤ ከላይ ያለው ቀላል ቁልፍ ግን አይከላከልም። ስለዚህ «ስረዛው አለን» ብሎ የማብቂያ ጊዜውን ማንሳት ስህተት ነው። 60 ሰከንዱ ስረዛ ያመለጠውን የሚይዝ መረብ ነው።

ዳታቤዙ ስህተት ሲመልስ ደግሞ በካሹ ያለው አይነካ። የሁለት ደቂቃ አሮጌ ተመን ሰዓቱ ተጽፎበት ቢታይ ከባዶ ገጽ ይሻላል፤ የሂሳብ ቀሪ ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር። ፌስቡክ ያን ቀን ገጹን ቀስ በቀስ ሲመልስ፣ ያን ራሱን በራሱ የሚያርመውን ፕሮግራም አጥፍቶት ነበር።